የቢሊንግ ሠራተኛችን ለሦስት ሳምንት ስትወጣ ሥራውን ማን ይያዝ? ሪሴፕሽኖቹን ምን ምን ላስተምራቸው?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ትንሽ ክሊኒክ አስተዳድራለሁ። ሁለት ሐኪሞች፣ ሪሴፕሽን ላይ ሁለት ልጆች፣ ቢሊንግ ላይ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ አሉን። የቢሊንጓ ሠራተኛ ከሁለት ወር በኋላ ለሦስት ሳምንት ፈቃድ ትወጣለች።

አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ኢንሹራንስ አላቸው። እሷን ሁለት ቀን እንኳ ካመማት ክሌሙ፣ ማለትም ለኢንሹራንሶቹ የምንልከው የክፍያ ጥያቄ፣ ይቆለላል። ተመልሶ የመጣውን የሚያይ ሰው የለም። ታካሚ ስለ ሂሳቡ ሊጠይቅ ሲመጣ «እሷ ስትገባ ይምጡ» ይባላል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። በሌላ በኩልም ችግር አለ። ከሪሴፕሽኖቹ አንዷ ስትቀር ቢሊንጓ ወጥታ ስልክ ታነሳለች፤ የራሷ ሥራ ደግሞ እዚያው ይቆማል።

ከሪሴፕሽኖቹ አንዷን ቢሊንግ ሙሉ በሙሉ ላስተምራት አስቤያለሁ። በሁለት ወር ይደርሳል? ከምን ልጀምር? በተግባር ያያችሁት ካለ ንገሩኝ።

ንጋት

መፍትሔው ቀላል ነው። ቢሊንጓ ከመውጣቷ በፊት የምትሠራውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ትጻፈው። የትኛው ገጽ እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚጫን፣ ሁሉንም። እኛ ጋ አንድ ወፍራም ፋይል አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ እሱ ይሰጠዋል፣ እያየ ይሠራል። ያልተጻፈ ሥራ ሰውየው ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

መዝገብ

መጻፉን እኔም እደግፋለሁ። ማን ይጻፈው የሚለው ላይ ግን ከንጋት እለያለሁ። ሥራውን ለዓመታት የሠራ ሰው ሲጽፍ እጁ የለመደውን ይዘለዋል። «ከዚያ ክሌሙን አጣርቶ መላክ» ብሎ ያልፋል። ምን ምን እያዩ እንደሚያጣሩ አይጽፍም፤ ለእሱ ግልጽ ነዋ። ስለዚህ የምትማረዋ ልጅ እየሠራች ትጻፍ፣ ቢሊንጓ ታርመው። የስክሪን ፎቶ ከገባበት የታካሚው ስምና ቁጥር ይሸፈን።

ማለዳ፣ ሙሉውን ቢሊንግ አታስተምሪያት። በሁለት ወር አይደርስም፤ ለሦስት ሳምንት ደግሞ ሁሉም አያስፈልግም። ከቢሊንጓ ጋር ቁጭ በሉና እያንዳንዱን ሥራ «ስንት ቀን ቢቆይ ይጎዳናል?» ብላችሁ ጠይቁት።

አንድ ቀን የማያድሩ አሉ። የነገ ታካሚዎች ኢንሹራንስ መሥራቱን ማረጋገጥ፣ ከኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሕክምና ፈቃዱ መምጣቱን ማየት፣ የቀኑን ገንዘብ ቆጥሮ መዝጋት። ቅድመ ፈቃድ ሳይመጣ ሕክምናው ከተሰጠ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው።

ሁለት ሦስት ቀን የሚታገሡ አሉ። ክሌም መላክ እና ተመልሰው የመጡትን ማረም። እነዚህን ልጅቷ ትማር።

የመጣውን ክፍያ በየታካሚው ሂሳብ ላይ መመዝገብ አንድ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ክሊኒኩ አይወድቅም። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ክፍያ ሳይመዘገብ ለታካሚዎች የሂሳብ መጠየቂያ ከወጣ፣ ኢንሹራንስ የከፈለውን መልሳችሁ ታካሚውን ትጠይቃላችሁ። ምዝገባው ከቆመ መጠየቂያውም አብሮ ይቁም። ሲስተሙ በራሱ የሚልክ ከሆነ ቢሊንጓ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት አጥፉት።

የቀሩት እሷን ይጠብቁ። ውድቅ በተደረገ ክሌም ላይ ይግባኝ መጻፍ፣ ዕዳ መሰረዝ፣ የሕመም ኮድ መቀየር። ልጅቷ ኮድ የተሳሳተ ከመሰላት ለሐኪሙ ትመልሰው እንጂ እንዲያልፍላት ብላ እንዳትነካው። ይግባኝ ግን ቀነ ገደብ አለው። ስለዚህ ቢሊንጓ ከመውጣቷ በፊት በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ የሚያልቁትን ለይታ ራሷ ትጨርሳቸው።

የጠረጴዛዋ

እኔ ሪሴፕሽን ነኝ። ይሄ «ሌላም ሥራ ልመዱ» የሚባለው ነገር ሁሌ እኛ ላይ ነው የሚወድቀው። ስልክ እያነሳሁ፣ ቆሞ የሚጠብቀኝን ሰው እያስተናገድኩ፣ በመሃል ክሌም አጣሪ ተባልኩ። አንድ ክሌም ስከፍት ስልኩ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ስመለስ የቱ ጋ እንደነበርኩ አላውቅም። የተሳሳተው ሁሉ በኔ ስም ተመዘገበ። ደመወዜ ላይ የተጨመረ ነገርም የለም። ማለዳ፣ ልጅቷን ጠይቀሻታል ወይስ ወስነሽባታል?

ማለዳ

የጠረጴዛዋ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም አነጋግሬአቸዋለሁ፣ አንዷ ራሷ ፈልጋለች። የክፍያውን ጉዳይ ገና ከባለቤቶቹ ጋር አልጨረስኩም። ስለ ስልኩ ያልሽው ግን አሁን ነው የገባኝ።

መዝገብ

የስልኩ ነገር ወሳኝ ነው። ተተኪዋ የቢሊንግ ሥራ የምትሠራበት የተከለለ ሰዓት ይኑራት። ታካሚ የማይበዛበትን የሁለት ሰዓት ጊዜ ምረጡ። በዚያን ጊዜ ሌላዋ ብቻዋን ሪሴፕሽኑን ትይዛለች፣ ቀጠሮ ይሳሳል። ተተኪዋ በር ወዳለው ክፍል ትግባ። ይሄ ካልተቻለ ሥልጠናው ራሱ አይሠራም።

ቆጣሪው

የሂሳብ ሰው ነኝ። መዝገብ ያለው እንዳለ ሆኖ ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር።

ብዙ ጊዜ ሥራ ሲሸፈን የሚፈርሰው የእጆች መለያየት ነው። በደህናው ቀን ሪሴፕሽኗ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ቢሊንጓ በታካሚው ሂሳብ ላይ ታስተካክላለች። ሁለት ሰው ነው። ቢሊንጓ ስትወጣና ሪሴፕሽኗ ስትተካት ሁለቱም አንድ እጅ ላይ ይገባል። ገንዘብ የተቀበለች ሰው ዕዳ መሰረዝም ከቻለች፣ ተቀብላ ሳትመዘግብ ሂሳቡን ዜሮ ማድረግ ትችላለች ማለት ነው። ልጅቷን መጠርጠሬ አይደለም። አንድ ቀን ገንዘብ ቢጎድል እሷን ከሐሜት የሚያድናት ይሄ መለያየት ነው።

ስለዚህ ቢሊንግ በምትሸፍንበት ቀን ገንዘብ አትቀበል። ሌላዋ ትቀበል። በሲስተሙ ላይ ደግሞ በራሷ ስም መግቢያ ይከፈትላት፤ ክሌም ማየትና መላክ ይፈቀድላት፣ መሰረዝና ቅናሽ ማድረግ ይዘጋ። የቢሊንጓን ፓስወርድ ፈጽሞ እንዳትጠቀም። ነገ «ይሄን ማን ቀየረው?» ሲባል ፈቃድ ላይ የነበረች ሰው ስም ይወጣል።

ገንዘብ ሲዘጋ መጀመሪያ በእጅ ይቆጠር፣ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ የሲስተሙ ድምር ይከፈት። ድምሩን አስቀድማ ያየች ሰው ቆጠራዋን ሳታውቀው ወደዚያ ትጎትታለች። ልዩነት ከመጣ ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ብዙውን ጊዜ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጧል። 630 የነበረው 360 ተብሎ ከገባ ልዩነቱ 270 ነው፤ 270 ለ9 ሲካፈል 30። ያኔ ደረሰኞቹን ሁሉ ከማገላበጥ በፊት እንደዚያ የተገለበጠ ቁጥር ፈልጉ።

ተጓዥ

ለምን ትደክማላችሁ? የተሻለ ሶፍትዌር ግዙ። እኛ የቀጠሮ ፕሮግራማችንን ከቀየርን ወዲህ ታካሚው ራሱ በስልኩ ይመዘገባል፣ ማስታወሻም በራሱ ይሄዳል፣ ሪሴፕሽኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ካልሆነም ለሦስት ሳምንት ጊዜያዊ ሰው ቅጠሩ።

መዝገብ

ተጓዥ፣ ጥያቄው ስለ ቀጠሮ አልነበረም። ጊዜያዊ ሰው መቅጠር ይቻላል፣ ግን እሱም የናንተን ኢንሹራንሶች አያውቅም። የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። ታካሚው ራሱ ሲመዘገብ ስህተቱ ይቀንሳል የሚለውንም በደንብ አጣሩት። የአባልነት ቁጥር ከካርድ ላይ በትክክል መገልበጥ ለታካሚውም ይከብደዋል።

ማለዳ

ዝርዝሩን ከቢሊንጓ ጋር ሠራነው። ግማሽ ያህሉ መጠበቅ የሚችል ሆኖ አገኘነው፤ ትከሻዬ ቀለል አለኝ። መግቢያ ልንከፍት ስንል ግን አንድ ነገር ገጠመን። የአንዱ ኢንሹራንስ ድረ ገጽ ስንገባ ማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በቢሊንጓ የግል ስልክ ነው። እሷ ፈቃድ ላይ ሆና ኮድ ስትነግረን ልትውል ነው። ሁለተኛ ተጠቃሚ ለማስመዝገብ ደብዳቤ ጻፉ ተባልን።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ልጅቷ ክሌም መላኩን ቶሎ ለምዳዋለች። ተመልሶ የመጣውን ስታይ ግን ትደነግጣለች። እዚያ ላይ ምን ያህል ልግፋት?

መዝገብ

ደብዳቤውን ዛሬውኑ ላኩ። ሁለተኛ ተጠቃሚ ማስመዝገብ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዝግጅት ውስጥ በእጃችሁ ያልሆነው እሱ ብቻ ነው።

ስለ ተመለሰ ክሌም። በመጀመሪያ «ተመለሰ» እና «ውድቅ ሆነ» የሚሉትን ትለይ። የተመለሰው ኢንሹራንሱ ጋ ገብቶ አልተመዘገበም፤ በር ላይ ነው የቀረው። ታርሞ እንደገና ይላካል። የመላኪያው ቀነ ገደብ ግን ሕክምናው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ መቁጠሩን አያቆምም። ገደቡ በየውሉ ይለያያል። አንዱ 90 ቀን ይሰጣል፣ ሌላው ዓመት። ውድቅ የሆነው ደግሞ ታይቶ መልስ የተሰጠበት ነው። እሱን እንደ አዲስ ብትልከው «ተደጋጋሚ ነው» ተብሎ ሌላ ውድቅ ይጨምርባችኋል። ተመላሹን ትያዝ፣ ውድቁን ምክንያቱን ጽፋ ለቢሊንጓ ታስቀምጥ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ደጋግሞ የሚመጣ ነው። ታካሚው ሕፃን ነው። ኢንሹራንሱ በእናቱ ሥራ በኩል የመጣ ነው። ክሌሙ «አባሉ አልተገኘም» ተብሎ ተመለሰ። አዲስ ሰው ይሄን ሲያይ ቁጥሩ ተሳስቷል ብሎ ያስባል። እናትየው ጋ ይደውላል። እናትየው ያንኑ ቁጥር ታነብለታለች። ያንኑ መልሶ ይልካል። እንደገና ይመለሳል።

ቅደም ተከተል ብትይዝ አትደነግጥም። የካርዱን ቅጂ ትክፈት። ቁጥሩን አንድ በአንድ ታስተያይ፤ ዜሮና «O» ፊደል፣ አንድና «I» እዚያ ይሳሳታሉ። ልክ ከሆነ ስሙን ትይ፣ ካርዱ ላይ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው የገባው? ከዚያ የልደት ቀን። ከዚያ ዝምድና። በዚህ ምሳሌ ስህተቱ የመጨረሻው ላይ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ሕፃኑ ራሱ ዋና አባል ተደርጎ ተመዝግቧል። ዋና አባሏ እናቱ ናት፣ እሱ ልጅ ተብሎ መግባት ነበረበት።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት። ክሌሙን ብቻ አርማ ከላከች ይሄኛው ያልፋል፣ በሚቀጥለው ጉብኝት ያው ስህተት ይመጣል። ምዝገባው ላይ ገብታ ታርመው። ወንድም እህት ካለው የእነሱንም ትክፈት። አብረው የተመዘገቡ ከሆነ በአንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚገኙት።

ሪሴፕሽኗ ይሄን መማሯ ለፈቃዱ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የዝምድናው ሣጥን ምን እንደሚያመጣ ያየች ሰው በሚቀጥለው ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ጠይቃ ነው የምትሞላው።

ጥላ

ቢሊንግ ላይ ነኝ። ሁላችሁም ከሪሴፕሽን ወደ ቢሊንግ ብቻ ነው የምታወሩት። ማለዳ በመጀመሪያው ጽሑፏ ሌላውንም ጠይቃለች። ቢሊንጓ ሪሴፕሽን ስትሸፍን ምን ይሁን?

እኔ ስሸፍን የሚያስፈራኝ ኮምፒውተሩ አልነበረም። ስልኩ ነው። አንዲት ሴትዮ ደውላ «ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ ወደ ሳምንት አዙሪልኝ፣ ዛሬ ደረቴን ተጭኖኛል» አለችኝ። የቢሊንግ ሰው የሚሰማው «ቀጠሮ አዙሪልኝ» የሚለውን ነው። እንደ ዕድል ነርሷ አጠገቤ ነበረች።

ስለዚህ ለሪሴፕሽን ተተኪ መጀመሪያ የምትማረው ቀጠሮ መያዝ ሳይሆን እነዚህ ይሁኑ፦ የደረት ሕመም ወይም ጫና፣ ትንፋሽ ማጠር፣ በአንድ ጎን መዛል ወይም አፍ መጣመም፣ የማይቆም ደም፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ። አንዱን ከሰማች ቀጠሮ አትይዝ፣ አትመርምር፣ አታጽናና። ስልክ ቁጥሩንና ያሉበትን ትጻፍ፣ ሰውየውን መስመር ላይ ታቆይና ነርስ ወይም ሐኪም ትጥራ። ማንም ከሌለ ወደ ድንገተኛ አገልግሎት እንዲደውሉ ትንገራቸው። ወረቀቱ ስልኩ አጠገብ ይለጠፍ። ቃላቱን ክሊኒኩ ውስጥ ያለ ሐኪም ይወስናቸው፣ እኔና እናንተ ሳንሆን።

ንጋት

ጥላ ያለችው ልክ ነው፣ እኔ ፋይል ፋይል ስል ይሄን አላሰብኩም። እንዲህ ያለው ነገር ፋይል ተገልጦ የሚፈለግ አይደለም።

ግን ስለ ክፍያው አልተስማማሁም። አንድ ሰው ሥራ ሲማር ችሎታው ይጨምራል፣ ያ ለራሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሽፋን ተጨማሪ ክፍያ ከተባለ ማንም በነፃ ጓደኛውን አይረዳም።

የጠረጴዛዋ

ንጋት፣ ጓደኛን መርዳትና የሦስት ሳምንት ሥራ መሸከም አንድ አይደሉም። ችሎታ ቢጨምርልኝም የቤት ኪራይ አይከፍልልኝም። ቢያንስ የሥራ መደቧ ላይ በጽሑፍ ይግባላት፣ የምትሸፍንባቸው ቀናትም ይመዝገቡላት። በኋላ «ሠርቼ ነበር» ስትል ማስረጃ አላት።

ማለዳ

ከተጻጻፍን ቆየን፣ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ቢሊንጓ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ሞከርነው። እሷ እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ክፍል ተቀመጠች። ልጅቷ ብቻዋን ሠራች። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ የሚያቆም ነገር ካልመጣ አትጥራት፣ ጥያቄዋን ትጻፍ። ከሰዓት በኋላ ጥያቄዎቹን አብረን አየናቸው።

አብዛኞቹ ስለ ችሎታ አልነበሩም። የተቃኙትን የኢንሹራንስ ካርዶች ለመክፈት የልጅቷ መግቢያ ፈቃድ አልነበረውም። ስለዚህ መዝገብ ያለውን ቅደም ተከተል የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ተቸንክራ ቆመች። የቅድመ ፈቃድ መልሶች ደግሞ በቢሊንጓ የግል ኢሜይል ነበር የሚመጡት፤ ይሄን እሷ ራሷም ረስታዋለች። አሁን በክሊኒኩ የጋራ አድራሻ እንዲመጡ ተደርጓል። የሁለተኛው ተጠቃሚ ምዝገባም በመጨረሻ ተፈቀደ።

ሁለት ነገር አልቀረፍንም። ባለቤቶቹ የሽፋን አበል ላይ ገና እየተወያዩ ነው። ሁለተኛው ለቆጣሪው ነው። በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ ከሪሴፕሽኖቹ አንዷ ብትታመም አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ያኔ ገንዘብ የምትቀበለውም ክሌም የምትልከውም እሷ ናት። የእጆች መለያየት እንዴት ይሁን?

ቆጣሪው

ሰው ከሌለ ሥራውን መለየት ያቅታል፣ ያኔ ማየትን ለዩ። አንቺ ወይም ከሐኪሞቹ አንዱ የዕለቱን ገንዘብ አብራችኋት ቁጠሩ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። በማግስቱ የባንክ ገቢው ወረቀት ከዚያ ፊርማ ጋር ይመሳከር። የባንኩን መግለጫ ሌላ ሰው ሳያየው አንቺ ክፈቺው። መሰረዝና ቅናሽ ለሁሉም ዝግ ይሁን።

የዚያን ቀን ክሌም ባይላክም ግድ የለም፣ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሣል ተብሏል።

መዝገብ

እስማማለሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ፦ ክሌማቸው ካልተላከ ጉብኝቶች በጣም የቆየው የየትኛው ቀን ነው? ከሦስት ቀን ካለፈ የተከለለው ሰዓት ተበልቷል ማለት ነው፤ ልጅቷን ከመውቀስሽ በፊት ስልኩን ማን ሲያነሳ እንደነበር እዪ። ተመላሹ ከወትሮው ከበዛ ደግሞ ምክንያቶቹን ደርድሪያቸው። አንድ ዓይነት ከሆኑ የምታርሚው አንድ ቦታ ነው።

ቢሊንጓ ከተመለሰች በኋላም ልጅቷ በወር አንድ ግማሽ ቀን ቢሊንግ ላይ ትቀመጥ። የኢንሹራንስ ደንብም ገጹም ይለዋወጣል፣ ያልተነካ ሥራ ይረሳል።

ጥላ

ማለዳ፣ ቢሊንጓ ስትመለስ የመጀመሪያውን ቀን ታካሚ እንዳይመጣባት፣ ስልክም እንዳታነሳ። ልጅቷ ያስቀመጠችላትን ውድቅ ክሌሞች አብረው ይዩዋቸው። ልጅቷ የጻፈችው ምክንያት የቱ ልክ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ እዚያው ትንገራት። እኔ ውድቅ ማንበብ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ማለዳ

ጥሩ፣ ያን ቀን ከአሁኑ ቀጠሮ መዝገቡ ላይ እዘጋዋለሁ።